የሦስት ዓመት ዲግሪያችን አሜሪካ ውስጥ ስንት ዓመት ነው?

እዚህ ሜሪላንድ ዲግሪያቸውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጠው ፓርኪንግና ግሮሰሪ የሚሰሩ ልጆች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "የትኛው ኤጀንሲ ጋ ላስገምግም?" ብለው ነው። እኔም መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፣ ሪፖርቱን የሚያነበው ማነው? ቀጣሪ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ ላይሰንስ የሚሰጥ ቦርድ? ይሄ ሳይታወቅ ገንዘብ መክፈል የለባችሁም፣ በተለይ እንደኔ ፕሪፓራቶሪ ጨርሳችሁ ገብታችሁ በሦስት ዓመት የተመረቃችሁ ከሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የውጭ ዲግሪ አይቶ ይሄ ከዚህ ጋር እኩል ነው ብሎ የሚወስን የመንግስት መስሪያ ቤት የለም። ስራውን የሚሰሩት የግል ድርጅቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ ናሴስ የሚባል ማህበር አባል ናቸው፣ ዝርዝራቸው naces.org ላይ አለ። ታዲያ ሁሉም አባል ስለሆኑ አንድ አይነት መልስ ይሰጣሉ ማለት አይደለም፣ እያንዳንዱ የራሱ አሰራር አለው፣ የሦስት ዓመት ዲግሪ ላይ ደግሞ በጣም ይለያያሉ።

የኛ ትውልድ የሦስት ዓመት ዲግሪ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ድሮ አስራ ሁለተኛ ጨርሶ አራት ዓመት ነበር፣ ከዛ 11ኛና 12ኛ ፕሪፓራቶሪ ሲሆኑ የፍሬሽማን ትምህርት ወደዛ ወረደ ተባለና ብዙው ዲፓርትመንት ሦስት ዓመት ሆነ፣ በ2012 ዓ.ም ደግሞ ፍሬሽማን ተመልሶ አራት ዓመት ሆነ። ስለዚህ መሀል ላይ ያለነው ልጆች ትራንስክሪፕታችን ላይ የሚታየው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊ ፍሬሽማኑን ፕሪፓራቶሪ እንደተማርነው ያውቃል፣ እዚህ ያለው ሰውዬ ግን ሃይስኩል ብሎ ነው የሚያየው።

እኔና አብራኝ አካውንቲንግ የተማረች ጓደኛዬ አንድ ክፍል ነበርን፣ አንድ ቀን ተመረቅን፣ የወሰድነው ኮርስ አንድ ነው። እሷ ለስራ ማመልከቻ ፈልጋ አንድ ኤጀንሲ ጋ አስገመገመች፣ የአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው አሏት፣ ስራውም ተሰጣት። እኔ ሲፒኤ የሚባለውን የአካውንታንት ላይሰንስ ስለምፈልግ መጀመሪያ እሱን ለሚሰጠው የስቴቱ ቦርድ ኢሜል ላክሁ፣ የእናንተ ቦርድ የማንን ሪፖርት ነው የሚቀበለው ብዬ፣ ጥቂት ስም ላኩልኝ፣ የጓደኛዬ ኤጀንሲ እዛ ውስጥ የለም። ከላኩልኝ መሀል አንዱ ጋ አስገመገምኩ፣ የወጣው ሪፖርት "የሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት" ይላል። ባችለር የሚል ቃል የለበትም። አንብቤው ቁጭ ብዬ ቀረሁ፣ እንቅልፍ አጥቼ ያጠናሁት ሁሉ አንድ መስመር ላይ እንደዛ ሲፃፍ ያማል፣ እውነቴን ነው።

ከዛ ግን ሪፖርቱን በደንብ ሳየው ተስፋ የሚያስቆርጥ ብቻ አልነበረም። ሪፖርት ሁለት አይነት ነው፣ አንዱ ዲግሪው ከምን ጋር እኩል እንደሆነ ብቻ የሚናገር ነው፣ ርካሽም እሱ ነው፣ ለአብዛኛው ቀጣሪ ይበቃል። ሌላው ኮርስ በኮርስ የሚባለው ነው፣ እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነግሬዱ ወደ አሜሪካ ይቀይረዋል፣ ዩኒቨርሲቲና የላይሰንስ ቦርድ የሚፈልጉት ይሄንን ነው። የኔ ትራንስክሪፕት 107 ክሬዲት ሀወር ነበር፣ እነሱ 99 አደረጉት። ለምን ስላቸው የአንድ ዓመት ጭነታችን እዚህ ካለው ስለሚበልጥ በዓመት 33 አድርገን ነው የያዝነው አሉኝ። እዚህ አንድ ሙሉ ዓመት ወደ 30 ክሬዲት ነው የሚታሰበው፣ ባችለር 120 ነው፣ ሲፒኤ ላይሰንስ ላይ በአብዛኛው ስቴት የተለመደው ደግሞ 150 ነው (ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሌላ አማራጭ የከፈቱ ስቴቶች አሉ፣ የራሳችሁን ስቴት እዩ)። ስለዚህ የኔ ጥያቄ ከ99 እንዴት 150 እደርሳለሁ፣ እና ቦርዱ ዲግሪ ብሎ የሚጠይቀውን በምን አሟላለሁ የሚል ሆነ።

ኤጀንሲውን እንደገና እዩልኝ ብዬ ጠይቄያለሁ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት እና ፕሮግራሙ ለምን ሦስት ዓመት እንደሆነ የሚያስረዳ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው አስፅፌ ጨመርኩ። አልለወጡትም። ሌላ ልጅ ግን በዚሁ መንገድ ከሌላ ኤጀንሲ ተለውጦለታል፣ ስለዚህ መሞከሩ አይከፋም።

እኔን ያወጣኝ ማስተርስ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ዲግሪን የሚያይ የራሱ ሰው አድሚሽን ቢሮ ውስጥ አለው፣ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ኤጀንሲው ያለውን ብቻ ሳይሆን "ይሄ ዲግሪ በራሱ አገር ማስተርስ ያስገባል ወይ?" የሚለውንም ያያል። የኛ የሦስት ዓመት ዲግሪ ኢትዮጵያ ውስጥ ማስተርስ ያስገባል፣ ስንቱ ጓደኛችን ገብቶ ጨርሷል። ያመለከትኩበት ዩኒቨርሲቲ በዚህ ተቀበለኝ። ከመመዝገቤ በፊት ግን ለቦርዱ ፃፍኩ፣ የሦስት ዓመት ተብሎ የተገመገመ የውጭ ዲግሪ ላይ አክሬዲትድ ከሆነ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ ማስተርስ ብጨምር ዲግሪ የሚለው ይሟላልኛል ወይ ብዬ፣ አዎ የሚል መልስ በፅሁፍ ሰጡኝ፣ ያንን ኢሜል እስከዛሬ አስቀምጬዋለሁ። በስልክ የተባለ ነገር ሰውየው ሲቀየር ይቀየራል።

ማስተርሱ 30 ክሬዲት ነው፣ 99 ሲደመር 129፣ የቀረኝ 21 ነው፣ ባለ ሦስት ክሬዲት ሰባት ኮርስ ማለት ነው፣ እሱን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በርካሽ እየሞላሁት ነው። እዚህ ጋ የምታዩት ነገር ክሬዲት መቆጠሩና ኮርሱ መቆጠሩ የተለያየ መሆኑን ነው። ኢንተርሚዲየት፣ ኮስት፣ አድቫንስድ፣ ኦዲቲንግ እነዚህ በአካውንቲንግ ኮርስነታቸው ተይዘውልኛል፣ የተማርነውም ቢሆን በአሜሪካ ቴክስትቡክ ነበር። ሲቪክስ፣ ሎጂክና ሶፎሞር ኢንግሊሽ ጄኔራል ኮርስ ሆነው ገቡ። ፐብሊክ ፋይናንስና ታክሴሽን ግን ክሬዲቱ ተቆጠረ እንጂ ለታክስ ኮርስ አልሆነም፣ ምክንያቱም የተማርነው የኢትዮጵያን ግብር ነው፣ ቢዝነስ ሎውም እንደዛው፣ የ1952ቱን የንግድ ሕግ ነበር ያጠናነው፣ እዚህ የሚፈለገው የነሱ ነው። ስለዚህ ለመሙያ ኮርስ ስትመርጡ ቀላሉን ሳይሆን ቦርዱ በስሙ የሚጠይቀውን ውሰዱ፣ አንድ ክፍያ ሁለት ቦታ ይሰራላችኋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ነውና። የመንግስት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ወጪ መጋራቱን ካልጨረሰ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣለትም፣ ስትመረቁ የሚሰጣችሁ ቴምፖራሪ ነው። እኔ ለወንድሜ ውክልና ሰጠሁት፣ ውክልናውን ዲሲ ኤምባሲ አሰርቼ ላክሁለት፣ እሱ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ አረጋግጦ ከዛ ውልና ማስረጃ አስመዘገበው፣ ገቢዎች ሄዶ ቀሪውን ከፍሎ ክሊራንስ ይዞ ነው ሬጅስትራር ቢሮ የገባው። በዚህ ሁሉ መሀል አንዱ ወረቀት ላይ ስም ከተሳሳተ ወደኋላ ነው፣ ስለዚህ ውክልናው ላይ "ትራንስክሪፕትና ኦርጅናል ዲግሪ ለማውጣት፣ ወጪ መጋራት ለመክፈል" ብላችሁ በዝርዝር አስፅፉ፣ ጠቅላላ ውክልና ነው ብላችሁ አትተዉት።

ከዛ ፖስታው። ኤጀንሲው የሚፈልገው ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ የመጣ፣ ታሽጎ መዝጊያው ላይ የሬጅስትራር ማህተም ያረፈበት ፖስታ ነው። ወንድሜ "አሽገው በእጄ ሰጡኝ፣ በዲኤችኤል ልላከው?" ብሎ ደወለልኝ፣ ቆይ አልኩት። በግለሰብ ስም የተላከ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይቀበሉም፣ የላኪውን ስም ያያሉ። ሬጅስትራሯን ለመናት፣ እግዜር ይስጣት፣ ራሳቸው እንዲልኩት አደረገች፣ እሱ ክፍያውን ብቻ ከፈለ፣ ኤጀንሲው የሰጠኝን ሪፈረንስ ቁጥርም ፖስታው ላይ አስፃፈ። ቁጥሩ ከሌለ ፖስታው ደርሶም ከፋይላችሁ ጋር ሳይገናኝ ሊቀመጥ ይችላል፣ አካውንታችሁ ላይ ሁሌ "አልደረሰም" እያለ ትራኪንጉ ደግሞ "ደርሷል" ካለ ችግሩ ይሄ ነው፣ ትራኪንግ ቁጥሩን ይዛችሁ ፃፉላቸው።

ስምና ዓመተ ምህረትም አለ። ግሪን ካርዴ ላይ ላስት ኔም የተባለው የአያቴ ስም ነው፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ሦስቱም ስም ተደርድሮ የአባቴ ስም በአንድ ፊደል ይለያል። ፓስፖርቴን ኮፒ አድርጌ የኢትዮጵያ ስም እንዴት እንደሚፃፍ የሚገልፅ አጭር ደብዳቤ ጨመርኩና አለፈ። ዓመተ ምህረቱ ግን አስገርሞኛል፣ የ12ኛ ክፍል ወረቀቴ 2001 ይላል፣ በኛ ማለት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ደግሞ በፈረንጅ 2009 ተብሎ ተፅፏል፣ ሲያዩት ሃይስኩል ጨርሼ ስምንት ዓመት የት እንደነበርኩ ጠየቁኝ። 2001 ዓ.ም በፈረንጅ 2008/2009 መሆኑን ፅፌ ነው የተፈታው። እናንተ ሳትጠየቁ በፊት ፅፋችሁ አያይዙት።

አሁን ማስተርሱን ጨርሻለሁ፣ ከሰባቱ ኮርስ ፌደራል ታክስ ላይ ነኝ፣ ቢዝነስ ሎው በሚቀጥለው ሴሚስተር ነው። ሪፖርቱን ኤጀንሲው ራሱ ነው ለቦርዱ የላከው፣ እኔ ጋ ያለው ኮፒ ለነሱ ስለማይሆን መጀመሪያ ስታመለክቱ ተቀባዩን እዛው ፎርሙ ላይ መሙላት አለባችሁ፣ በኋላ ማስጨመር ሌላ ክፍያ አለው።