ኦቨኑ መጀመሪያ የባንኩ መሆን ነበረበት፦ ከወለድ ነፃ ገንዘብ ያገኘሁበት መንገድ

ኮልፌ አካባቢ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። አሮጌው ኦቨን ወደ መጨረሻው እየደረሰ ሲመጣ፣ የማቡኪያ ማሽን ያለው አዲስ ኦቨን ዋጋ ጠየቅሁ። 900 ሺህ ብር አሉኝ። ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ በእጄ የለም። ወለድ መክፈል ደግሞ አልፈልግም፤ በሃይማኖቴ ክልክል ነው። ለዓመታት በቁብና በዘመድ ብድር ስሠራ የኖርኩትም ለዚህ ነው።

ብሔራዊ ባንክ ለመደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ ከፈቀደ ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ። እኔ ግን አንድም ቀን ሄጄ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ግን ወሰንኩና ሄድኩ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ሙሻረካ ነበር። ባንኩም እኔም ገንዘብ እናዋጣለን፣ ትርፉን በተስማማነው ልክ እንካፈላለን፣ ኪሳራ ቢመጣ እንደ መዋጮአችን እንሸከማለን። ከሁሉም ፍትሐዊ የሚመስለኝ ይኼ ነው። ያነጋገረችኝ ባለሙያ በትሕትና ሰማችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «የሦስት ዓመት የሒሳብ መዝገብ አለዎት?» የለኝም። ያለኝ ካርኒና አንድ የተቀዳደደ ደብተር ነው። ትርፌ ስንት እንደሆነ በትክክል ካላወቅሁ ባንኩ ምኑን ይካፈላል? ቅር ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን እውነቷን እንደሆነ ገባኝ። ሽርክና የሚቆመው በመዝገብ ነው። መዝገብ የሌለው ሰው የሚቀርብለት ሙራበሃ ነው፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ስንት እንደተገዛና ስንት እንደተተረፈበት በግልጽ ተነግሮ ለደንበኛው የሚፈጸም ሽያጭ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ባንክ ከመሄዴ በፊት ዕቃው እንዳይሸጥብኝ ብዬ ለሻጩ 100 ሺህ ብር ቀብድ ሰጥቼ፣ በስሜ ውል ፈርሜ ነበር። ደረሰኙን ከሰነዶቼ ጋር አያይዤ አስገባሁ። እንዲያውም ቁም ነገረኛ መሆኔን የሚያሳይ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ባለሙያዋ ደወለች። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ይኼ ዕቃ የእርስዎ ሆኗል። የእርስዎን ዕቃ ለእርስዎ ልንሸጥልዎት አንችልም።»

መጀመሪያ ቢሮክራሲ መሰለኝ። የባንኩ የሸሪዓ ክፍል ኡስታዝ ቁጭ አድርጎ ሲያስረዳኝ ግን ነገሩ የሙራበሃ እምብርት ሆኖ አገኘሁት። ግዢው በእኔና በሻጩ መካከል ካለቀ፣ ባንኩ የሚከፍለው የእኔን ዕዳ ነው። ዕዳዬን ከፍሎ ኋላ ከኔ ጨምሮ ቢቀበል፣ ጭማሪው ወለድ እንጂ ሌላ ስም የለውም። ወረቀቱ ላይ ሙራበሃ ተብሎ መጻፉ ምንም አይለውጠውም። ባንኩ ትርፍ የሚገባው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ለጥቂት ቀንም ቢሆን ባለቤት ሆኖ፣ ሥጋቱን ተሸክሞ ሲሸጠው ብቻ ነው።

ስለዚህ ውሌን ማፍረስ ነበረብኝ። ሻጩ ቀብድ አይመለስም ብሎ ተከራከረኝ። በስንት ሽምግልና 90 ሺውን መለሰ፣ 10 ሺው እዚያው ቀረ። ሁለት ሳምንትም ባከነ። እናንተ ዕቃውን ስትመርጡ ፕሮፎርማ ብቻ ተቀበሉ። ፕሮፎርማው ባንኩ በሚነግራችሁ አኳኋን ይጻፍ። ብር አትክፈሉ፣ የሽያጭ ውል አትፈርሙ። ሻጩ እየጠበቀ መሆኑ ካስጨነቃችሁ ለባንኩ ንገሩት።

ከዚያ በኋላ ያለው በቅደም ተከተል ሄደ። መጀመሪያ ዕቃውን እንደምገዛ ቃል የገባሁበትን ወረቀት ፈረምኩ። ይኼ ቃል ኪዳን እንጂ ሽያጭ አይደለም። ቃሌን አጥፌ ባንኩን እንዳላከስረው 180 ሺህ ብር መያዣ አስገባሁ። ሽያጩ ሲፈጸም መያዣው እንደ ቅድሚያ ክፍያ ተቆጠረልኝ። ባንኩ ለሻጩ ሙሉውን 900 ሺህ ከፈለና ዕቃውን በራሱ ስም ገዛ። ዕቃውን የሚረከብለት ሰው በየቦታው ስለሌለው፣ እኔን ወኪል አድርጎ ሾመኝ። በውክልናው ደብዳቤ ላይ ኦቨኑን ተረክቤ ሽያጩ እስኪፈረም ድረስ እንዳልሠራበት ተጽፏል።

ይኼ ነገር ጠቃሚነቱ የታየኝ ኦቨኑ ከመኪና በወረደበት ቀን ነው። ስድስት ሰው ተሸክሞት ሳለ የበሩ መስታወት ከበረንዳው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ልቤ ቀጥ አለ። ብድር ወስጄ የገዛሁት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ የራሴ ነበር፤ ብድሩም እንዳለ ይቀጥላል። በዚያች ሰዓት ግን ኦቨኑ የባንኩ ነው። እኔ ወኪል ነኝ፤ ቸልተኛ ካልሆንኩ አልጠየቅም። ፎቶ አንስቼ ለባለሙያዋ ላክሁላት። ባንኩ ሻጩን ጠይቆ በዘጠኝ ቀን ውስጥ መስታወቱ ተቀየረ። ከዚያ በኋላ ነው ሄጄ የሽያጩን ውል የፈረምኩት። የመጣውን ዕቃ አገላብጣችሁ ሳታዩ፣ ቸኩላችሁ የሽያጭ ውል እንዳትፈርሙ የምለው ለዚህ ነው። ከፊርማው በኋላ ሥጋቱ ወደ እናንተ ይዞራል።

የዋጋው ነገር እንዲህ ነው። ባንኩ የገዛበት 900 ሺህ፣ ትርፉ 144 ሺህ፣ በአጠቃላይ 1 ሚሊዮን 44 ሺህ ብር። ካስገባሁት 180 ሺህ ሲቀነስ 864 ሺህ ይቀራል። በሃያ አራት ወር ሲከፈል በወር 36 ሺህ ነው። ሰው ይኼ ከወለድ በምን ይለያል ይለኛል። በወጪ ብቻ ካየነው ብዙም አይለይም። ክፍያውን በብድር ስሌት ብንመነዝረው በዓመት ወደ 18 ከመቶ ይጠጋል። ርካሽ ገንዘብ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ይኼን አስቀድሞ ይወቅ። ልዩነቱ ዋጋው አንዴ ከተፈረመ የማይንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ገበያው ቢወጣ ቢወርድ 36 ሺህ ያው 36 ሺህ ነው። ብዘገይም ዕዳው አያድግም። በእኔ ውል ለዘገየ ክፍያ የተቀመጠ ቅጣት አለ፤ ግን ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል እንጂ ወደ ባንኩ ትርፍ አይገባም።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ነበር። ቀድሜ ከፍዬ ብጨርስ ትርፉ ይቀነስልኛል ብዬ ነበር። ኡስታዙ፣ ቅናሽ በውሉ ውስጥ ቃል ሊገባ እንደማይችል ነገረኝ። ባንኩ በራሱ በጎ ፈቃድ ሊቀንስ ይችላል፤ መብት ግን አይደለም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ባንኩ እስካሁን በልማድ ምን ያደርግ እንደነበር ጠይቁ።

ኦቨኑ ሥራ ሲጀምር ኬክና ብስኩት ለመጨመር ፈለግሁ። ለዚህ ገንዘብ የሰጠኝ ባንክ አይደለም፤ ሪያድ የምትሠራ እህቴ ናት። 400 ሺህ ብር ላከች። «አንተ ልጅ፣ በየወሩ 5 ሺህ ብር ብትልክልኝ ይበቃኛል» አለችኝ። እሺ ልላት ነበር። ከባንኩ የተማርኩት ነገር ትዝ አለኝና ቆም አልኩ። አንዱ ገንዘብ አቅርቦ ሌላው የሚሠራበት ሽርክና ሙዳረባ ይባላል፤ ተወስኖ የሚከፈል ገንዘብ ካለ ግን ሙዳረባ መሆኑ ይቀርና የወለድ ብድር ይሆናል። እሷ ገንዘብ አቅርባ እኔ ስሠራ፣ የምንካፈለው ከተገኘው ትርፍ በመቶኛ ነው እንጂ ከሰጠችኝ ገንዘብ በመቶኛ አይደለም። ተስማማን፦ ከትርፉ 60 ለኔ፣ 40 ለሷ። ኪሳራ ቢመጣ ከገንዘቧ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ድካሜ በከንቱ ይቀራል። ይኼን በስልክ ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። ኪሳራው በእሷ ላይ መውደቁን ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ሲሰማው ይከብደዋል። ትርፍ የተፈቀደላት ግን ይኼንኑ ሥጋት ስለተሸከመች ነው። በቸልተኝነቴ ወይም ከውሉ ውጪ በመሥራቴ ከጠፋ ግን እኔ እከፍላለሁ።

የኬኩን ሒሳብ ከዳቦው ለይቼ በአዲስ ደብተር ያዝኩ። መጀመሪያው ሦስት ወር 25 ሺህ ብር ከሰርኩ። የስኳርና የዘይት ዋጋ ናረ፤ ደንበኛም ገና አልተለማመደንም። በቀጣዮቹ ሦስት ወራት 85 ሺህ አተረፍን። እኔ 85 ሺውን ለመካፈል ቸኩዬ ነበር። ትክክሉ ግን መጀመሪያ የጎደለውን ካፒታል መሙላት ነው። 25 ሺው ወደ 400 ሺው ተመለሰ። የቀረውን 60 ሺህ ተካፈልን፤ 24 ሺህ ለሷ፣ 36 ሺህ ለኔ።

ደብተሩን ኡስታዙ ሲያየው አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። በየወሩ «የኔ ድካም» ብዬ 6 ሺህ ብር ወጪ ጽፌአለሁ። «ይኼ የለም» አለ። ድካሜ የተከፈለው በ60 ከመቶው ነው፤ እንደገና ደመወዝ ካወጣሁ ከእህቴ ድርሻ እየወሰድኩ ነው። ለቅጥር ጋጋሪው፣ ለዱቄት፣ ለመብራት የሚወጣው ወጪ ነው፤ የእኔ ግን አይደለም። ስድስት ወር ያወጣሁት 36 ሺህ ብር በትርፉ ላይ መመለስ ነበረበት። ከላይ የጻፍኩት ትርፍ ከተስተካከለ በኋላ ያለው ነው። እሱን ለእህቴ ሳስረዳት አፍሬ ነበር። እሷ ግን ደብተሩን በፎቶ እንድልክላት ብቻ ጠየቀችኝ፤ አሁን በየወሩ መጨረሻ እልክላታለሁ። ሁለተኛውን ስድስት ወር ስንጀምር ራሴ ድርሻዋን ወደ 50 ከፍ አድርጌላታለሁ። ውሉንም ኪሳራው ከማን ላይ እንደሚወርድና ምን ምን ወጪ እንደሚቆጠር ስም በስም ጽፈን፣ ሁለታችንም ፈርመናል።