ያገኘሁትን ድረ ገጽ መልሼ የማገኝበት መንገድ

የግእዝ የብራና መጻሕፍትን ኢንተርኔት ላይ መከታተል ስጀምር ጥሩ ሊንክ ባገኘሁ ቁጥር ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልክ ነበር። ብዙዎቻችን የለመድነው ነው። ግን ቴሌግራም የሚደረድረው በተላከበት ቀን ነው። ከወራት በኋላ የማስታውሰው ደግሞ ቀኑን ሳይሆን ጉዳዩን ነው።

አሁን አንድ ገጽ ሳገኝ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ወደዚህ የምመለሰው ሲያስፈልገኝ ነው ወይስ አዲስ ጽሑፍ ሲወጣበት? ሲያስፈልገኝ ከሆነ ቡክማርክ አደርገዋለሁ። አዲስ ጽሑፍ የሚወጣበት ከሆነ ፊዱን፣ ማለትም አዲስ የወጣውን ጽሑፍ ወደ ማንበቢያዬ የሚያመጣልኝን አድራሻ፣ እይዛለሁ። ሁለቱን አለመቀላቀል ብቻውን ግማሹን ሥራ ያቀልላል።

ለምሳሌ vhmml.orgን እንውሰድ። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ያለ የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ነው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ ብራናዎች እዚያ ይገኛሉ። በየቀኑ የሚነበብ አይደለም፤ አንድ ገድል ወይም ድርሳን ስፈልግ ብቻ ነው የምገባው። ስለዚህ ቡክማርክ ነው።

ፋየርፎክስ ላይ ኮከቡን ስጫን ርዕሱ ራሱ ይሞላል፤ እንግሊዝኛ ነው። እንደዚያው ከተውኩት ነገ «ብራና» ብዬ ስፈልግ አይመጣም። ስለዚህ ታግ የሚለው ሳጥን ውስጥ ነገ የምፈልግበትን ቃል በራሴ አማርኛ እጽፋለሁ፦ ብራና፣ ገድል፣ ማይክሮፊልም። እዚህ ላይ የኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። ለብራውዘሩ «መጻሕፍት» እና «መፃህፍት» የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአንዱ ጽፌ በሌላው ብፈልግ ባዶ ይመልስልኛል። ስለዚህ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ስፈልግ ደግሞ አድራሻ መጻፊያው ላይ መጀመሪያ * አስገብቼ፣ ክፍት ቦታ ትቼ ቃሉን እጽፋለሁ። ያን ጊዜ የሚመጣልኝ ከቡክማርኮቼ ብቻ ነው። ፎልደር መደርደሩን ትቼዋለሁ፤ አንድ ገጽ ሦስት ቦታ ሊመደብ ይችላል፣ ታግ ግን ሦስቱንም ይይዛል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፍለጋ አድርጌ የደረስኩበት ገጽ አድራሻ ሁልጊዜ አይዘልቅም። ከማስቀመጤ በፊት አድራሻውን ኮፒ አድርጌ በግል መስኮት እከፍተዋለሁ። ያው ገጽ ከመጣ ጥሩ ነው። ባዶ ፍለጋ ወይም መግቢያ ገጽ ከመጣ ግን «ቋሚ ሊንክ» የሚል ነገር እፈልጋለሁ። የምር የምፈልገው ገጽ ከሆነ web.archive.org/save ላይ አስገብቼ ቅጂ አስቀራለሁ፤ ነገ ቢጠፋ የምከፍተው ይኖረኛል።

ፊዱ ደግሞ ስለ ብራና ለሚጽፉ ብሎጎች ነው። ብዙዎቹ የፊድ ምልክቱን ፊት ለፊት አያሳዩም። ብሎጉ በወርድፕሬስ የተሠራ ከሆነ አድራሻው መጨረሻ ላይ /feed/ እጨምራለሁ። በብሎገር ከሆነ /feeds/posts/default። ካልሠራ Ctrl+U ተጭኜ የገጹን ኮድ እከፍትና rss+xml የሚለውን እፈልጋለሁ። አድራሻው የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መስመር ላይ ነው፦

```
<link rel="alternate" type="application/rss+xml" href="https://example.org/feed/">
```

href ውስጥ ያለውን ኮፒ አድርጌ ፊድ ማንበቢያዬ ውስጥ አስገባለሁ። እኔ የምጠቀመው ተንደርበርድን ነው፤ ነጻ ነው፣ የሚይዘውም ኮምፒውተሬ ላይ ነው። ግን አዲሱን የሚያመጣው ሲከፈት ብቻ ነው። ወርድፕሬስ ደግሞ ካልተቀየረ በቀር ፊዱ ላይ የሚያስቀምጠው የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ነው። በወር አንዴ ለሚጽፍ ብሎግ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በቀን ብዙ የሚለቅ የዜና ገጽ ግን ሳልከፍተው ከሰነበትኩ መሃል ላይ ያለው ያመልጠኛል። ለዜና የምመርጠው ኢንተርኔት ላይ ሆኖ ራሱ የሚሰበስበውን ማንበቢያ ነው፤ ፊድሊ ወይም ኢኖሪደር።

አንድ ፊድ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ ጸሐፊው አቁሞ ላይሆን ይችላል። ብሎጉን በቀጥታ እከፍተዋለሁ። እዚያ አዲስ ጽሑፍ ካለ የተሰበረው ፊዱ ነው፤ አድራሻውን እንደገና ከኮዱ አወጣለሁ።

የተመረጡ ዝርዝሮችንም እይዛለሁ። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ለተማሪ የሚያዘጋጁት የሊንክ ገጽ ከተራ ፍለጋ ይልቅ ብዙ ቦታ አድርሶኛል። ግን ዝርዝሩን እንዳለ አልገለብጥም። ከፍቼ ያየሁትን ብቻ፣ ምን እንዳለበትና ምዝገባ ይጠይቅ እንደሆነ በአንድ መስመር ጽፌ፣ ለጓደኞቼ ወደምልከው የራሴ ዝርዝር አስገባለሁ። «ጥሩ ገጽ» ብሎ መጻፍ ለማንም አይረዳም። «የብራናውን ምስል ለማየት በነጻ መመዝገብ ያስፈልጋል» ማለት ግን የአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ያድናል።

ብዙ ሰው ፊድ ያነብበት የነበረው ጉግል ሪደር በ2013 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ ብዙ ሰው ሊንክ ያጠራቅምበት የነበረው ፖኬትም በ2025 ተዘግቷል። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ ሁለት ፋይል አወጣለሁ። ከፋየርፎክስ Ctrl+Shift+O ብዬ በሚከፈተው መስኮት Import and Backup ከሚለው ቡክማርኮቼን በHTML፣ ከማንበቢያው ደግሞ ፊዶቼን በOPML። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው። ሌላ ብራውዘርም ሆነ ሌላ ማንበቢያ ይከፍታቸዋል። ታጎቹ ግን ሌላ ብራውዘር ላይ ላይወጡ ስለሚችሉ፣ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ርዕሱ ውስጥም አስገባቸዋለሁ።