ሰኔ 23 እንጂ ሰኔ 30 አይደለም

የምሠራው በአንድ የገጠር ውኃ አቅርቦት ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ዋናው ቢሮ አዲስ አበባ ነው፤ የመስክ ባልደረቦቻችን ደግሞ ደሴና ወልዲያ ተቀምጠው በየወረዳው ይመላለሳሉ። የእኔ ሥራ በየሩብ ዓመቱ ከመስክ የሚመጣውን ሪፖርትና የሂሳብ ማወራረጃ ሰብስቦ፣ ደረሰኙን ከወጪው ጋር አመሳክሮ ለለጋሹ ድርጅት የሚሄደውን ሰነድ ማዘጋጀት ነው። የመስክ ሰዎቹ አለቃ አይደለሁም። አብዛኞቹ በዕድሜም በአገልግሎትም ይበልጡኛል፤ ሆኖም እነሱ ካልላኩ የእኔ ሥራ አይጀመርም። «ቀኑ ደርሷል» ብሎ ማስታወስ የሚከብደው እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። አለቃ ቢሆን ያዛል፣ ይጨርሳል።

ነገሩ የተነሳው በ2017 መጋቢት ላይ ነው። አዲስ የመጣው አስተባባሪያችን ሥራ ወዳድና ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ሪፖርት ዘግይቶ ለጋሹ ፊት መቅረብ ያስፈራዋል። ሐሙስ መጋቢት 18 ምሽት፣ 12 ሰዓት ተኩል ግድም፣ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ይህን ለጠፈ፦

«የመጨረሻ ማሳሰቢያ!!! እስካሁን ሪፖርትና የሂሳብ ማወራረጃ ያላስገባችሁ ሠራተኞች እስከ ወሩ መጨረሻ በአስቸኳይ እንድታስገቡ። ይህ ሳይሆን ቢቀር ኃላፊነቱን ራሳችሁ ትወስዳላችሁ።»

ከሥሩ የስም ዝርዝር ነበረው፤ ከአምስት ስሞች ጎን ቀይ የኤክስ ምልክት ተደርጓል።

መልእክቱ የወጣው በረመዳን፣ ልክ በማፍጠሪያ ሰዓት ነው። ከግሩፑ አባላት ግማሽ ያህሉ ጾመኛ ነው። ቀይ ምልክት ከተደረገባቸው አንዱ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የደሴው ባለሙያ ናቸው። የእሳቸው ሰነድ በታሸገ ፖስታ በመኪና ከተላከ ቀናት ሆኖታል፤ ፖስታው ያለው ግን እኛው ቢሮ፣ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለሹፌሩ የፈረመችለት ልጅ ለማን እንደምታደርሰው ሳታውቅ አስቀምጣዋለች። ጋሼ ሁለት ቃል ብቻ ጻፉ፦ «እሺ፣ አለቃ።» ከዚያ በኋላ ግሩፑ ዝም አለ። ጥያቄ የሚጠይቅ፣ «እኔ ጋ እንዲህ ያለ ችግር አለ» የሚል አልነበረም።

ሰነዱስ? መጣ። ግን ከስም ዝርዝሩ ለመውጣት ሲባል ብቻ የመጣ ስለነበር ደረሰኝ የጎደለው፣ ፊርማ የሌለው፣ ባለፈው ሩብ ዓመት ገጽ ላይ ቁጥሩ ብቻ የተቀየረ ሆኖ ነው የደረሰኝ። ሁለት ሰዎች ደግሞ ጭራሽ አልላኩም። ስደውል «ወሩ እኮ ገና ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እነሱ የቆጠሩት መጋቢት 30ን ነው። ለጋሹ የሚዘጋው ግን በማርች 31፣ ማለትም በመጋቢት 22 ነው። የስምንት ቀን ልዩነት! በሁለት የቀን አቆጣጠር የሚሠራ ቢሮ ውስጥ «እስከ ወሩ መጨረሻ» ብሎ መጻፍ ቀን አለመጻፍ ነው። በስንፍና የታሙት ሰዎች በራሳቸው ቆጠራ ገና ሳምንት ነበራቸው።

በሰኔ ሌላ ሩብ ዓመት ሲቃረብ አስተባባሪው ጠራኝና «እኔ ከጻፍኩት እንደገና ይኮራረፋሉ፤ አንቺ ጻፊው» አለኝ። ጭንቀቱ ገባኝ፤ ምክንያቱም ሰኔ ከመጋቢት ይብሳል። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ ከወረዳ መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ በጭንቅላቱ የያዘው ቀን እሱ ነው። ለጋሹ ደግሞ በጁን 30 ይዘጋል፤ ያ ሰኔ 23 ነው።

ከመጻፌ በፊት ግማሽ ቀን ያጠፋሁት ፍለጋ ላይ ነው። መቀበያ ጠረጴዛው ጋ ሄድኩ፣ ፋይናንስ ክፍል ያለውን መዝገብ አየሁ፣ ኢሜይሌንና የቴሌግራም የውስጥ መልእክቶቼን አገላበጥኩ። የሁለት ሰዎች ሰነድ ተገኘ፤ አንዱ ለፋይናንስ በቀጥታ ልኮ እኔ የማላውቀው ነበር። ይህ እርምጃ ከየትኛውም የለሰለሰ ቃል ይበልጣል ባይ ነኝ። የላከን ሰው «ላክ» ማለት ምንም ያህል በትሕትና ቢሆን ያስቀይማል፤ ያልላከው ደግሞ «የላኩትንም ነው የሚሰድቡት» ብሎ ልቡን ያሳርፋል።

ሐሙስ ሰኔ 12 ጠዋት፣ ሰው ቢሮ ገብቶ ሻይ በሚልበት ሰዓት፣ ግሩፑ ላይ ይህን ጻፍኩ፦

«ጤና ይስጥልን። የዚህ ሩብ ዓመት ሂሳብ ለለጋሹ የሚዘጋው ሰኞ ሰኔ 23 (ጁን 30) ነው፤ ከሰኔ 30 አንድ ሳምንት ይቀድማል። ከመስክ የሚመጣው ሰነድ እስከ ረቡዕ ሰኔ 18፣ ከቀኑ 11 ሰዓት እጄ ከገባ፣ ሐሙስና ዓርብ ደረሰኝ አመሳክሬ የጎደለ ነገር ቢኖር ለመደወል ጊዜ ይኖረኛል። የሚዘገይ ነገር ያለበት ሰው ያለቀውን አስቀድሞ ይላክልኝ፤ ስለቀረው እንነጋገራለን። በሹፌር ወይም በሰው እጅ የላካችሁ ለማን እንደተሰጠ ብቻ ጻፉልኝ፣ ፈልጌ አገኘዋለሁ። ከእኔ የሚጠበቀው የማጠቃለያ ሠንጠረዥ ማክሰኞ ይደርሳችኋል።»

«እባካችሁ» የለበትም፣ ይቅርታ የለበትም፣ ቃለ አጋኖም የለበትም። «ያላስገባችሁ» የሚለውንም ሆን ብዬ ነው የተውኩት። «እስካሁን ያላስገባችሁ» ሲባል አንባቢው ከመሥመሩ መጀመሪያ ጀምሮ ተከሳሽ ነው፤ ከኋላ «በትሕትና እንጠይቃለን» ቢጨመርበት ክሱ አይነሳም። እኔ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሰነዱ ከደረሰኝ በኋላ እኔ የምሠራውን ነው የጻፍኩት። ሐሙስና ዓርብ ምን እንደምሠራ ያወቀ ሰው ረቡዕ ለምን ረቡዕ እንደሆነ ይገባዋል። ለቁጥጥር ተብሎ በዘፈቀደ የተቀመጠ ቀን እንዳልሆነ ያያል። የራሴን ዕዳ ማስገባቴም ለጌጥ አልነበረም፤ ማክሰኞ የተባለው ሠንጠረዥ ማክሰኞ ባይደርስ ኖሮ ረቡዕን ለመጠየቅ ፊት አይኖረኝም ነበር።

ኢንተርኔት የማይሠራባቸው ወረዳዎች ስላሉ ቀኖቹን ብቻ በአጭር የጽሑፍ መልእክትም ላክሁ። ቴሌግራም ሳያይ የሚውል ሰው «አላየሁም» ቢል እውነቱን ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሌላ ቢሮ ያለች ጓደኛዬ ባለሥልጣን እንዳትመስል ስትጠነቀቅ «ጊዜ ስታገኙ፣ ከተቻለ፣ በዚህ ሰሞን ቢላክ ደስ ይለናል» ብላ ጻፈች። ማንም አልላከላትም፣ ማንም አላጠፋም። ቀን የሌለው ትሕትና ጥያቄ አይደለም፤ ሰላምታ ነው።

በማግስቱ ከተቀሩት ጋር በስልክ ተነጋገርኩ። የወልዲያዋ ባልደረባችን ጋ ስደውል «አለቀ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ «እየጨረስኩ ነው» ብቻ ነው፤ ሁላችንም እንለዋለን።

«እንዴት ነሽ፣ መንገዱስ? ማወራረጃው ላይ ምን ቀረሽ?» አልኳት።

ትንሽ ዝም ብላ፣ «ሪፖርቱ ካለቀ ቆየ። የመኪና ኪራዩ ነው። ባለመኪናው ደረሰኝ የለውም። ገንዘቡ በእኔ ስም ነው የወጣው፤ ከደሞዜ ይቆረጣል ብዬ ፈርቼ ነው የያዝኩት» አለችኝ።

ይህን በግሩፕ ላይ፣ በሃያ ሰው ፊት፣ መቼም አትናገረውም። በመጋቢትም ይኸው ዓይነት ነገር ይዟት እንደነበር የነገረችኝ ያኔ ነው። ፋይናንስ ኃላፊውን ጠይቄ በምን ሰነድ ሊተካ እንደሚችል በዚያው ቀን ነገርኳት፤ ሰኞ ሁሉንም ላከች። ለጋሼም ደወልኩ፤ «ጋሼ፣ የእርስዎ ፖስታ እጄ ላይ ነው፤ የጎደለ የለውም» ለማለት ብቻ። «ዛሬስ አገኛችሁት!» ብለው ሳቁ።

ሰኞ ሰኔ 16 ሁለተኛውን መልእክት ጻፍኩ። ብዙ ቢሮ የሚደረገው «ላስገባችሁት ምስጋና ይድረሳችሁ» ብሎ ስም መዘርዘር ነው። ጨዋ ይመስላል፤ ግን ስሙ ያልተጠራው ሰው ማን እንደሆነ ግሩፑ በሙሉ ይቆጥራል። ቀይ ምልክቱ ተገልብጦ አረንጓዴ ሆነ እንጂ ዝርዝሩ ያው ነው። እኔ ሰነዱ ለደረሰኝ ሁሉ አስቀድሜ በውስጥ መስመር «ደርሶኛል» አልኩ፤ ከዚያ ግሩፑ ላይ፦ «ሰነዳቸው ለደረሰኝ ሁሉ በውስጥ መስመር አረጋግጫለሁ። ልኮ ማረጋገጫ ያልደረሰው ካለ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናልና ዛሬ ይንገረኝ። ረቡዕ 11 ሰዓት እንደነበረ ነው።» ያልላከ ሰው ማረጋገጫ እንዳልደረሰው ያውቃል። ሌላ ማንም አያውቅም።

እስከ ረቡዕ ማታ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ገባ። ያ አንዱ በመጋቢትም በታኅሣሥም የዘገየ ነው። ደውዬለታለሁ፣ ምን እንደቀረው ጠይቄዋለሁ፣ የሚያግደው ነገር አልነበረውም። እዚህ ላይ የእኔ ድርሻ ያበቃል። በየሩብ ዓመቱ የሚደጋገም መዘግየት የማስታወሻ ጉዳይ አይደለም፤ ለእሱ ሲባል የሚጠነክር መልእክት የሚያርፈው በሰዓቱ በላኩት ላይ ነው። ለአስተባባሪው ነገርኩት፤ እሱም ለብቻው ጠርቶ አነጋገረው። ሰነዱ ዓርብ ገባ። እኔም ቅዳሜን ቢሮ ዋልኩ፤ ለጋሹ ጋ ግን በቀኑ ደረሰ።

ቀጣዩ መዝጊያ ሴፕቴምበር 30፣ መስከረም 20 ነበር። የዚያን ጊዜውን መልእክት አስተባባሪው ራሱ ጻፈው። ከመለጠፉ በፊት ወደ መቀበያው ሄዶ መሳቢያውን አስከፍቶ አይቷል። ረቂቁን ሲያሳየኝ ከመስክ የሚመጣበትን ቀን መስከረም 15 አድርጎት ነበር። «ደመራ እኮ በማግስቱ ነው፤ ማን ቁጭ ብሎ ደረሰኝ ይለጥፋል?» አልኩት። ወደ ሰኞ መስከረም 12 አመጣውና ለጠፈው።