ዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርትን ለአለቃዬ በግማሽ ገጽ

አንድ አከፋፋይ ድርጅት በ60 ቀን ዱቤ ዕቃ እንድንሰጠው ጠይቆ ኦዲት የተደረገ ዓመታዊ ሪፖርቱን ላከልን። አለቃዬ መሐንዲስ ናቸው። «ይከፍሉናል ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ» አሉኝ። ስለዚህ የሬሾ ዓይነት ሁሉ አልደረደርኩም። ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅሙትን ብቻ አወጣሁ።

መጀመሪያ የገጹን ራስጌ አየሁ። ቁጥሮቹ በሺህ ብር ነው የተጻፉት። ይህ ካለፈን ሚሊዮኑ ሺህ ይሆናል። ከዚያ የሁለቱን ዓመታት ቁጥር ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን አሰፈርኩ፤ የገጹንም ቁጥር አጠገቡ ጻፍኩ።

ሽያጩ ከ150 ወደ 180 ሚሊዮን ብር አድጓል። ተሰብሳቢ ሒሳቡ ግን ከ30 ወደ 60 ሚሊዮን፣ በእጥፍ ዘሏል። ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚሰበሰብ አሰላሁ።

```
=60/180*365
```

122 ቀን መጣ። አምና 73 ነበር። ተሰብሳቢው ውስጥ ቫት ስላለ፣ ሽያጩ ውስጥ ግን ስለሌለ ቀኑ ትንሽ ይረዝማል። ሁለቱም ዓመት በአንድ መንገድ እስከተሰላ ድረስ ግን ማወዳደር ይቻላል።

«ደንበኞቻቸው መክፈል አቁመዋል» ያሰኛል። እኔ ግን ከሪፖርቱ ጋር የተያያዘውን ማብራሪያ ሳላይ ሬሾ አላምንም፤ ዋናው ገጽ የተለያየ ነገር በአንድ መስመር ይደምራልና። ማብራሪያው እንደሚለው ከ60ው 24 ሚሊዮኑ ለባለቤቶቹ ሌላ ድርጅት የተሰጠ ብድር ነው። አምና አልነበረም። እሱን ሳወጣው 36 ሚሊዮን ይቀራል፤ ቀኑም ተመልሶ 73 ይሆናል። ደንበኞቹ እንደ ወትሯቸው እየከፈሉ ነው። ገንዘቡ የወጣው በሌላ በር ነው።

ይህ የመክፈል አቅሙንም ይነካል። በዓመት ውስጥ የሚከፍሉት ዕዳ 64 ሚሊዮን ነው። ጥሬ ገንዘብ 4፣ ተሰብሳቢ 60፣ መጋዘን ያለ ዕቃ 32፤ ድምሩ 96 ሚሊዮን። ለዕዳው ሲካፈል 1.5 ይመጣል፣ ደህና ይመስላል። ያልተሸጠውን ዕቃና ያንን ብድር ስቀንስ ግን 40 ሚሊዮን ብቻ ይቀራል።

ለአለቃዬ የሬሾዎቹን ስም አልጻፍኩም። የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ለእያንዳንዱ 1 ብር ዕዳቸው ቶሎ ገንዘብ የሚሆን 63 ሳንቲም ገደማ አላቸው። ደንበኞቻቸው በ73 ቀን ግድም ይከፍሏቸዋል፤ ለእኛ ግን በ60 ቀን እንከፍላለን ይላሉ። 24 ሚሊዮን ብር ለሌላ ድርጅታቸው አበድረዋል፤ መቼ እንደሚመለስ ሪፖርቱ አይናገርም።» ከሥር የገጽና የማብራሪያ ቁጥሮቹን አስቀመጥኩ።

ሪፖርቱ የሚያሳየው የሰኔ 30ን ሁኔታ ብቻ መሆኑንም ጨመርኩ። ብድሩ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። አለቃዬ አንብበው ሁለት ነገር ጠየቁ፦ ብድሩ ስለመመለሱ የባንክ ማስረጃና ለዱቤው የባንክ ዋስትና። እስኪመጣ ድረስ ሽያጩ በእጅ በእጅ እንዲሆን ተስማማን።