ቀብዱ ከየት መጣ?

የምሠራበት የፈርኒቸር ወርክሾፕ ለማስታወቂያ በወር 8,000 ብር ይመድባል። ቁምሳጥን፣ አልጋና ኪችን ካቢኔት እንሠራለን። አዲስ አበባ ነን።

አንድ ወር ላይ የብሩ ግማሽ ብዙ ተከታይ ባለው የቴሌግራም ቻናል ለአንድ ፖስት ተከፈለ። ስልካችን እረፍት አጣ። ጋሼ፣ ባለቤቱ ማለት ነው፣ ደስ አላቸው። ግን ደዋዮቹ ከሐዋሳ፣ ከጅማ፣ ከደሴ ነበሩ። ኪችን ካቢኔት በፎቶ አይሸጥም። መጀመሪያ ሰው ሄዶ ግድግዳውን መለካት አለበት፤ ከዚያ የኢሱዙ ኪራይ አለ፣ የገጣሚው አበልና ማደሪያ አለ። ይህ ሁሉ ሲደመር ትርፉ ያልቃል። ከዚያ ፖስት አንድም ቀብድ አልመጣም።

ቻናሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ልብስ ወይም መዋቢያ በፖስታ ለሚልክ ሰው ያዋጣ ይሆናል። ለእኛ ግን በቻናሉ የሚለጠፍ ፖስት ለየትኛው ከተማ እንደሚታይ መምረጥ አይቻልም። የፌስቡክ ማስታወቂያ ላይ ይቻላል፤ ካርታው ላይ ነጥብ አስቀምጠህ በዙሪያው ላሉ ሰዎች ብቻ እንዲታይ ታደርጋለህ። ችግሩ ክፍያው ላይ ነው። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሌለን የምንከፍለው በሰው በኩል ነው፤ እሱም በራሱ ምንዛሪ አስልቶ ስለሚያስከፍል ከብሩ የተወሰነው እዚያው ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ደዋዮችን በደብተር መመዝገብ ጀመርን፦ ሰፈር፣ የሚፈልጉት ዕቃ፣ ቀብድ ከፈሉ ወይስ አልከፈሉም። «የት አዩን?» ስንል አብዛኞቹ «ቴሌግራም» ይላሉ። ጋሼ ይህን አይተው «በቃ፣ ብሩ ሁሉ ለቴሌግራም ይሁን» አሉ። እኔ አልተዋጠልኝም። የራሳችን ቻናል ትንሽ ነው፤ ሰው ዝም ብሎ አያገኘውም። ጥያቄውን ለሁለት ከፈልነው፦ «መጀመሪያ የት አዩን? ዋጋውንስ የት አዩት?»

መልሱ ያኔ ተለየ። ቀብድ የከፈሉት በብዛት መጀመሪያ ያዩን ቲክቶክ ላይ ነው፤ ልጆቹ ኤምዲኤፍ ሲቆርጡ፣ በር ሲገጥሙ በስልክ የቀረፅነውን። ቪዲዮው ላይ ያለውን አድራሻ ይዘው ቴሌግራም ይገባሉ፤ ፎቶውን ወደ ኋላ እየገፉ ያያሉ፣ ለቤተሰብ ይልካሉ። ሰው ቁምሳጥን ባየበት ቀን አይገዛም፤ ኮንዶሚኒየም እስኪረከብ፣ ዕቁብ እስኪደርሰው ይቆያል። ቻናሉ እስከዚያ ድረስ ስልኩ ውስጥ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ጊዜ እንጂ ብር አናወጣም። ቴሌግራም ላይ እያንዳንዱ ፎቶ ሥር ቁመት፣ ስፋት፣ የእንጨቱ ዓይነትና መነሻ ዋጋ ይጻፋል፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን አጥፍተነዋል፣ ምክንያቱም ሰው ለመጠየቅ ሰንፎ ያልፋል። ብሩ በአዲስ አበባ ለታጠረ የፌስቡክ ማስታወቂያ ይውላል፤ እሱም ወር ሙሉ ሳይሆን ብዙ ሰው ኮንዶሚኒየም በሚረከብበት ሰሞን። ኢንስታግራምን የጠቀሰ ቀብድ ከፋይ ደብተሩ ላይ ስላልተገኘ ለጊዜው ትተነዋል።