«ሰላም» ብዬ የላክሁት ሰላም የነሳኝ ኢሜል

ሰኞ ጥቅምት 3 ቀን፣ በሳምንታዊው ስብሰባ፣ አሥራ አራት ሰው በተገኘበት፣ እኔ ነኝ ያለ ሰው ሆኜ ተናገርሁ። «እኔ እኮ የውሃ ጉድጓዱ በጀት ክለሳ ላይ እንድንነጋገር ጊዜ እንዲሰጡኝ ከጠየቅሁ ስድስት ሳምንት አለፈኝ።» ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «አልደረሰኝም» አሉ። እኔም ልብ ሰጥቶኝ «ደርሶዎታል» አልሁ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

የሳቸው ላፕቶፕ ከፕሮጀክተሩ ጋር እንደተያያዘ ነበር። «ርዕሱ ምን ይላል?» ብለው ጂሜይላቸውን ከፈቱ። ርዕሱን አስታወስሁት፤ ወዲያውም ባላስታወስሁት ብዬ ተመኘሁ። «ሰላም» ነው የሚለው። ጻፉት፤ ፈለጉት። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች «ሰላም» ሞላው። «ሰላም»፣ «ሰላም ነው?»፣ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ»፣ «እንዴት ነሽ ሰላም»፣ «ሰላም!!!»። ወደ ታች ቢያወርዱት አያልቅም። ያን ያህል ሰላም የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ፀጥታ ምክር ቤት እንኳ ባንድ ጊዜ አይቶ አያውቅም። ከኋላ አንዱ «አገሩ ሁሉ ሰላም ነው» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሥራ አስኪያጇ አዘኑልኝና «እሺ፣ ስለ ውሃ ጉድጓዱ አይደል?» ብለው «ውሃ» ብለው ፈለጉ። የኔ ኢሜል አሁንም የለም። ለምን? እኔ ጨዋ ነኛ! «ውኃ» ብዬ ነው የጻፍሁት፤ በብዙኃኑ «ኃ»። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የአማርኛ መምህራችን በዚህች ፊደል ምክንያት እጄን በማስመሪያ ስላሉኝ እስከ ዛሬ አልሳሳትም። ባለመሳሳቴ ነው የተዋረድሁት።

እዚህ ላይ ያወቅሁትን ልንገራችሁ፤ ለኔ ሳይሆን ለናንተ ይጥቀም። የኢሜል ፍለጋ ድምፅ አይሰማም፤ የሚያየው ፊደል ነው። ለኛ «ውሃ»፣ «ውኃ» እና «ውሀ» አንድ ነገር ናቸው፤ ለእሱ ሦስት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። «ሰዓት» እና «ሰአት»፣ «ዓመታዊ» እና «አመታዊ»፣ «ጽሕፈት» እና «ፅህፈት» እንደዚያው። ከዚህ የባሰም አለ፦ ጂሜይል የሚፈልገው ሙሉ ቃል ነው። አማርኛ ደግሞ ቃሉ አናት ላይ «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ስለ» እየለጠፈ ይሄዳል። ስለዚህ ርዕሱ «ለስብሰባ» ወይም «የስብሰባ» የሚል ከሆነ፣ «ስብሰባ» ብሎ የፈለገ ሰው አያገኘውም። የሰዋስው ጌጣችን ለማሽኑ መደበቂያ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቅር ቢላችሁም። ርዕስ ላይ የሚፈለገውን ቃል ባዶውን አስቀምጡት፦ «የውሃ ጉድጓድ» ሳይሆን «ውሃ ጉድጓድ»፣ «ለስብሰባ» ሳይሆን «ስብሰባ»። ፊደሉን ደግሞ እናንተ ትክክል ነው የምትሉትን ሳይሆን ፈላጊው ሰው የሚጽፈውን ጻፉ። ኅሊናችሁ እምቢ ካለ «ውኃ»ን ኢሜሉ ውስጥ አንድ ቦታ ጣል አድርጉት፤ ተራ ፍለጋ ውስጡንም ስለሚያይ በሁለቱም ትገኛላችሁ። የጠፋ ነገር የምትፈልጉት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ሁሉንም አጻጻፍ ባንዴ ስጡት፦

```
subject:(ውሃ OR ውኃ OR ውሀ OR የውሃ OR የውኃ OR የውሀ)
```

OR በትልልቅ ፊደል መሆን አለበት፤ በትናንሽ ከጻፋችሁት እንደ ተራ ቃል ቆጥሮ ይፈልገዋል።

ወደ ውርደቴ ልመለስ። «ማስታወሻም ልኬ ነበር» አልሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ዝም ማለት የት ያውቃል። ማስታወሻውን የላክሁት ጳጉሜን ውስጥ ነው። አዲስ ኢሜል መጻፍ ስለታከተኝ፣ ሥራ አስኪያጇ ያሉበትን የቅርብ ኢሜል ከፍቼ «መልስ» የሚለውን ተጫንሁ። ኢሜሉ «የእንቁጣጣሽ ዝግጅት መዋጮ» ይባል ነበር። በመሆኑም የበጀት ክለሳ ስብሰባ ጥያቄዬ፣ «እኔ ከፍያለሁ»፣ «እኔም»፣ «በግ ነው ፍየል?» ከሚሉ አርባ ምናምን መልሶች ሥር ተቀበረ። ማንም ጤነኛ ሰው፣ ሥራ አስኪያጅ ይቅርና፣ ያንን የመልሶች ክር እስከ ታች አያነብም። ስለዚህ አዲስ ጉዳይ በአዲስ ኢሜል ይጀመራል። የግድ ያው ክር ላይ መመለስ ካለባችሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ከመልስ ቀስቷ ጎን ያለችውን ምልክት ተጭናችሁ Edit subject የሚለውን ምረጡና ርዕሱን ቀይሩ። ርዕሱ ሲቀየር ጂሜይል አዲስ ክር ያደርገዋል፤ ከፍየሉ ትለያላችሁ።

ሦስተኛውን ሙከራዬን በፈቃዴ አልተናገርሁም፤ ግን ስክሪኑ ላይ ራሱ ወጣ። «አስቸኳይ!!!» ይላል። ከላዩም ከታቹም «አስቸኳይ» ነበር፤ አንዱ የፕሪንተር ቀለም አልቋል ለማለት፣ አንዱ ጃኬት ጠፍቶበት። እግረ መንገዴን ልናገረውና ይውጣልኝ፦ በዚህ ቢሮ «አስቸኳይ» ብሎ የሚጽፍ ሰው እሱ ራሱ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው በሦስተኛው ሳምንት ነው። የሚያስቸኩል ነገር ካለ ቀኑን ጻፉት። «መልስ እስከ ዓርብ» ሲባል ሰው ያየዋል፤ «አስቸኳይ» ሲባል ግን ያልፈዋል።

ይበልጥ የሚያናድደኝ፣ እኛ እኮ ይህን እንችልበት ነበር። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስንጽፍ ቁጥር፣ ቀን፣ ከዚያ መሀል ላይ ተሰምሮበት «ጉዳዩ፦» አለ። «ጉዳዩ፦ ሰላም» ብላችሁ መዝገብ ቤት ይዛችሁ ብትሄዱ እትዬ ደብዳቤውን ከነሰላምታው መልሰው ያስታቅፏችኋል። ኢሜል ላይ ስንደርስ ግን መዝገብ ቤት የሌለ ይመስለናል። መዝገብ ቤቱ ፍለጋው ነው፤ ልዩነቱ እሱ ጥፋታችሁን አይነግራችሁም፣ ዝም ብሎ ያጠፋችኋል።

ታዲያ የ«ጉዳዩ»ን ልማድ እንዳለ ወደ ኢሜል ማዛወርም አይሆንም። ያን ቀን ከሰዓት፣ ጆሮዬ እንደጋለ፣ እንዲህ ብዬ ጀመርሁ፦ «በ2018 በጀት ክለሳ ላይ ለመወያየት የስብሰባ ጊዜ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ»። ደስ ይላል፤ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። ለራሴ ልኬ በስልኬ ሳየው ግን «በ2018 በጀት ክለሳ ላይ ለመወ…» ይላል። ስልክ ላይ፣ እንደ ስልኩ ስፋት፣ ርዕሱ ከሠላሳ ፊደል ብዙም ሳያልፍ ይቆረጣል፤ ፊደሎቻችን ደግሞ ሰፋፊ ስለሆኑ ቶሎ ይሞላሉ። አማርኛ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ስልክ የሚቆርጠው መጨረሻውን ነው። የተጠየቀው ነገር ምንጊዜም ከመቀሱ ወዲያ ነው የሚቀረው።

ስለዚህ ገለበጥሁት። መጀመሪያ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ስለ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ በመጨረሻ የሚመለሰው ጥያቄ፦

```
ስብሰባ - ውሃ ጉድጓድ በጀት - 30 ደቂቃ - ማክሰኞ ወይስ ረቡዕ?
```

ቢቆረጥ እንኳ «ስብሰባ - ውሃ ጉድጓድ በጀት» ይተርፋል፤ ለመለየትም ለመፈለግም ይበቃል። 30 ደቂቃ ያልሁት፣ ርዝመቱ ያልተነገረ ስብሰባ ሁሉ ለባለሥልጣን ግማሽ ቀን ስለሚመስል ነው። «መቼ ይመችዎታል?» ብል ኖሮ ሥራ አስኪያጇ የቀን መቁጠሪያቸውን መክፈት ሊኖርባቸው ነው፤ የቀን መቁጠሪያ የሚያስከፍት ኢሜል «ኋላ እመልሳለሁ» ተብሎ ይቀራል። ሁለት ቀን ሲቀርብላቸው ግን መኪና ውስጥ ሆነው በአንድ ቃል ይጨርሱታል። ሦስትና አራት አማራጭ ርዕስ ላይ መደርደር አይበጅም፤ ወደ ገበያ ዋጋ ዝርዝር ይለወጣል። ሰዓቱንና ቦታውን ውስጥ አስገቡት።

ውስጡ ላይ ሙሉ ቀኑን ጻፍሁ፦ «ማክሰኞ ጥቅምት 11 ወይም ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በአዲስ አበባ፣ ጠዋት 9:00 በዋሽንግተን»። ይህን የጨመርሁት ስልክ ገብቶ የሚሳተፍ አስተባባሪ እዚያ ስላለን ነው፤ ሐበሻ ነው፣ ግን ከሄደ ቆይቷል። አንድ ጊዜ «ከቀኑ 10 ሰዓት» ብቻ ብለን ስንጽፍለት በራሱ 10 ሰዓት ገባ። እኛ ጋ ያ 11 ሰዓት ነው፤ ባዶ አዳራሽ ሰላም አለ፣ እኛ ሰርቪስ ውስጥ ነበርን። ቀኑንም በቁጥር አትጻፉት። 11/2/2018 ለኛ ያ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ነው፤ ለአሜሪካ አንባቢ ግን ኖቬምበር 2 ቀን 2018፣ ያኔ ሰባት ዓመት ሊሆነው የተቃረበ ስብሰባ ነው። የሰዓቱን ልዩነትም በቃላችሁ አትያዙት፦ ያኔ 7 ሰዓት ነበር፤ እነሱ በጥቅምት መጨረሻ ግድም ሰዓታቸውን ሲመልሱ 8 ይሆናል።

ቀኑ ሲወሰን ርዕሱን ልቀይረው ብዬ አሰብሁና ተውሁት፤ ክሩ ይበጠሳል። የተወሰነውን ቀንና ሰዓት የሚይዘው የቀን መቁጠሪያ ግብዣው ነው፤ እሱንም «ስብሰባ - ውሃ ጉድጓድ በጀት» ብዬ ሰየምሁት፣ ሁለቱ በአንድ ፍለጋ እንዲወጡ።

ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ላክሁት። ቢሮው እስከዚያ ድረስ «ሰላም አስከባሪው» የሚል ስም አውጥቶልኝ ነበር፤ ቡና ክፍል ስገባ አንዱ ቆሞ ሰላምታ ሰጠኝ፣ ወታደራዊ። ቡናዬን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ስድስት ሳምንት የጠበቅሁት መልስ በአራት ደቂቃ መጣ። ሥራ አስኪያጇ ናቸው፦

«ረቡዕ። ይመቸኛል። ኢሜልህን ስፈልግ ያንን የመዋጮ ክር እስከ መጨረሻው አነበብሁት። የእንቁጣጣሹን እስካሁን አልከፈልህም።»