የ1999ኙ መጽሐፍ ስለ 2005 ምርጫ እንዴት አወቀ?

ይህ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የምናድለው የምንጭ አጠቃቀስ ወረቀት ድሮ የሚጀምረው በኮማና በነጥብ አጣጣል ነበር። አሁን ከዓመተ ምሕረት የሚጀምረው በአንዲት ተመራቂ ተማሪ ምክንያት ነው።

ግንቦት ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስገባ ሁለት ቀን ሲቀራት ቤተ መጻሕፍት መጣች። «ጋሼ፣ አማካሪዬ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም» ብላ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ስለ 2005ቱ የኢትዮጵያ ምርጫ የሚያወራ አንቀጽ መጨረሻ ላይ አንድ መጽሐፍ ጠቅሳ በቅንፍ 1999 ብላለች። አማካሪዋ ቁጥሩን በቀይ ከቦ «ደራሲው ነቢይ ነው?» ብሎ ጽፎበታል።

መጽሐፉ የአማርኛ ነው። የታተመው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን የሚያወራው ስለ ግንቦት 1997ቱ ምርጫ ነው፤ በፈረንጆቹ 2005 ማለት ነው። ደብተሯ ላይ ግን ያለው ባዶ «1999» ነው። ዓ.ም. የለ፣ እ.ኤ.አ. የለ።

እሱን ማረም የደቂቃ ሥራ ነው። ያስቸገረን የቀረው የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። 1950 ወይም 2000 የሚል ቁጥር በሁለቱም አቆጣጠር ያስኬዳል፤ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሆነ እንገምታለን፣ አማርኛው ግን አንዳንዱ በዚያ አንዳንዱ በዚህ ይታተማል። ስለዚህ አሥራ አራት መጽሐፍ መፈለግ ነበረብን፤ ያገኘነውን ከመደርደሪያ እያወረድን የርዕሱን ገጽ ጀርባ አንድ በአንድ ገለጥን። እዚያ ዓመቱ ከሌለ የመቅድሙ መጨረሻ ላይ ደራሲው የፈረመበት ቀን ይገኛል፤ እሱ የኅትመቱ ዓመት ባይሆንም አቆጣጠሩን ይጠቁማል።

ለ1999 ዓ.ም. በእንግሊዝኛው ዝርዝር 2006/07 ብለን ጻፍን። ሁለት ቁጥር የሆነው ዓመቱ በሁለት የፈረንጅ ዓመት ላይ ስለሚያርፍ ነው። ወሩ ከታወቀ አንዱ ይበቃል፦ ከታኅሣሥ 23 በፊት የታተመ ከሆነ 2006፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 2007።

መሀል ላይ ሌላ ጉድ ወጣ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ አንዴ Bahru Zewde ተብለው B ውስጥ፣ አንዴ Zewde, B. ተብለው መጨረሻ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ሰው ሆነዋል። ይህኛው የእኛም ጥፋት ነው። የድሮው ወረቀታችን «የቤተሰብ ስም ይቅደም» ይል ነበር፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም እንዳልሆነ እያወቅን ከውጭ መመሪያ ቀድተን። ዞቴሮ የተባለውን የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም የምትጠቀሙ፣ ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ጫኑና ሁለቱን ሳጥን አንድ አድርጉት፤ ያኔ አይገለብጠውም።

አሁን መጽሐፍ በተዋሳችሁበት ቀን፣ ገና ሳታነቡት፣ የርዕሱን ገጽና ጀርባውን በስልክ አንሡ። ደብተራችሁ ላይ ዓመቱን ከነአቆጣጠሩ፣ ስሙን እንደታተመ ጻፉ።

ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱን አገኘን። አንዱን ያነበበችው ክፍለ ሀገር፣ ከዘመድ ተውሳ ነበር፤ ስልክ ብትደውልም መጽሐፉ ለሌላ ሰው ተላልፏል። ከዝርዝሩ አወጣችው፤ በእሱ ላይ የቆመውም አንቀጽ አብሮት ወጣ።